ዲር ሚስተር አሻግሬ

ለስምንት ወር ያህል አባቴ ከውጭ አገር ደብዳቤ የሚጻፍለት ሰው ነበር። ደብዳቤው የሚመጣው በእኔ ኢሜይል ነው፣ የሚነበበው በእኔ ስልክ ነው፣ የተጻፈውም ለእኔ ነው። ግን የመጀመሪያው መስመር ሁልጊዜ «ዲር ሚስተር አሻግሬ» ስለሚል ከእሱ ጋር መከራከር አይቻልም። አሻግሬ እሱ ነው። እኔ ሰርካለም ነኝ። ሰርካለም የሚል ደግሞ ደብዳቤው ውስጥ የትም የለም።

«ምን አለችኝ?» ይለኛል፣ ስልኬ በጮኸ ቁጥር። ለሌላ ነገርም ቢጮህ ይጠይቀኛል።

የምትጽፍልን ኤሊን ሉንድ የምትባል ፈረንጅ ናት። ኬንያ ውስጥ፣ ኪሱሙ በሚባል የሐይቅ ዳር ከተማ፣ ዓሣ ማድረቅና ማጨስ በሚያስተምር አንድ ማሠልጠኛ ትሠራለች። እኔ ደግሞ እዚህ ሐይቅ ከተማ የዓሣ አጥማጆች ማኅበራችን ጸሐፊ ነኝ። ደሴ ማኔጅመንት ተምሬ የመጣሁ ስለሆንሁ እንግሊዝኛው በእኔ ላይ ወደቀ። ቢሯችን ውሃው ዳር ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ አንድ ላፕቶፕ አለን፣ ኤን የምትባለው ፊደል ወልቃ ሥሯን በጥፍሬ እየነካሁ ነው የምጽፍ። ከዚያ ሌላ አንድ መደገፊያ ያለው ወንበር አለ። እሱ የሊቀ መንበሩ ነው። ሊቀ መንበሩ አባቴ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጦበታል፣ ማንም ሲነካው አይወድም። ሌሎቻችን የምንቀመጠው የዓሣ ሣጥን ገልብጠን ነው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልደብቅም፤ የእኔም ነው። መጀመሪያ በላክሁት ኢሜይል ግርጌ «ሰርካለም አሻግሬ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ» ብዬ ፈረምሁ። ፈረንጅ ሁለተኛውን ስም ሲያይ የቤተሰብ ስም ይመስለዋል። በእነሱ ዘንድ አያትም፣ አባትም፣ ልጅም፣ ብዙ ጊዜም ሚስት፣ በዚያው በአንዱ ስም ይጠራሉ፤ ሰው ማክበር ሲፈልጉ ሚስተር ይሉና እሱን ያስከትላሉ። ሰርካለም የሴት ስም ይሁን የወንድ ኤሊን ከየት ታውቅ! እኔም በበኩሌ «ዲር ሚስ ኤሊን» እያልሁ እመልስላታለሁ። እኛ ወይዘሮ ተሻለች ስንል ተሻለችን ማክበራችን ነው፤ ወይዘሮ ብለን አባቷን አንጠራም። እሷ እኔን ልታከብር አባቴን ትጠራለች፣ እኔ እሷን ላከብር ማንም እንዲያ ብሎ በማይጠራት ስም እጠራታለሁ። ሁለታችንም አክብረን ነው የሳትነው።

ላርማት አስቤ ነበር። አባቴ ግን ደስ አለው። አባቴ ከአምባሰል፣ ከውጫሌ ወዲያ ማዶ ካለ ገደል አፋፍ ወርዶ፣ ዋና ሳይችል ታንኳ የያዘ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጻፈለት ሰው ቢኖር ግብር አስከፋይ ነው። አሁን አንዲት ፈረንጅ በየሳምንቱ ስሙን አስቀድማ ትጽፍለታለች። አንድ ጊዜ ኤሊን ከጀልባ ስትወርድ ወድቃ ጉልበቷን እንዳመማት ጻፈች። አባቴ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ፣ «ለጋ ቅቤ ትታሽ በላት። ብርድ አይንካት። ደረጃ አትውጣ» አለ። ተርጉሜ ላክሁት። «ዲር ሚስተር አሻግሬ፣ ምክርዎ ልቤን ነካው» ብላ መለሰች። ከዚህ በኋላ እንዴት ብዬ «አባዬ፣ ደብዳቤው ያንተ አይደለም» እላለሁ?

ነገሩን ያባባሰው አያቴ ነው። ሊቀ መንበሩ ለፊርማ «አሻግሬ ሽታው» ብሎ ስለሚፈርም፣ ኤሊን እሱን ሚስተር ሽታው ነው የምትለው። በየደብዳቤዋ መጨረሻ «ለሊቀ መንበራችሁ ለሚስተር ሽታው ሰላምታ አቅርቡልኝ» ትላለች። አያቴ ሽታው አምባሰል ከተቀበረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ይህን ባነበብሁ ቁጥር አባቴ ኮፍያውን ያወልቅና «ነፍሱን ይማር። እዩት እንግዲህ፣ ፈረንጅ እንኳ ሰላም ይለዋል» ይላል።

እንዲህ እየሳቅን ሳለ ነው ዋናው ነገር የመጣው። ማሠልጠኛው ከማኅበራችን ሁለት ሰው ለአንድ ወር ኪሱሙ ድረስ እንጋብዝ አለ። አባቴ የሚመራው ኮሚቴ ዕጩ አቀረበ፣ አባላቱ ውሃው ዳር ተሰብስበው እጅ አወጡ። ሀዲያ ኑርዬ አንደኛ ወጣች፤ ከእኛ መካከል ዓሣ የምታደርቅ እሷ ብቻ ናት። ባድሩ ኑርዬ ሁለተኛ፤ መረብ የሚሠራልን ነው፣ ቀን ሙሉ ሦስት ቃል ቢናገር ብዙ ነው። ተጠባባቂ እኔ ሆንሁ።

ተጠባባቂ መሆን ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። የሰው ደስታ ደጃፍ ላይ ቆሞ መጠበቅ ነው። እኔ ከደሴ አልፌ አላውቅም። አውሮፕላን ያየሁት ከላያችን ሲያልፍ ነው። ስሙን ከዝርዝሩ ላይ የጻፍሁት እኔ፣ ደብዳቤውን የተጻጻፍሁት እኔ፣ ሄደው የሚያዩት ግን እነሱ። ቅናት አልነበረብኝም ብል ውሸት ነው። ነበረብኝ።

አንድ ማክሰኞ ኢሜይሉ መጣ። አባቴ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ሀዲያ ሣጥኗ ላይ ቆሮሶ ዓሣ ትበልታለች፣ ባድሩ በሩ ላይ መረብ ይቋጥራል።

«ምን አለችኝ?» አለ አባቴ።

«ዲር ሚስተር አሻግሬ» ብዬ ጀመርሁ። ራሱን ነቀነቀ። «የምጽፍልዎ ስለ ሚስተር ኑርዬ እና ስለ ሚስስ ኑርዬ ነው። ባልና ሚስት በመሆናቸው…»

ቆምሁ። የሀዲያ ቢላዋም ቆመ።

«ማንና ማን?» አለች።

«አንቺና ባድሩ።»

ሀዲያ ባድሩን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ወላሂ ፈረንጆቹ ያለ ኒካሕ ዳሩኝ!» አለች። «ባልየው ይኸው፣ ምስክሩ ሰርካለም። የጥሎሽ መህሬስ የታል?»

ባድሩ ከመረቡ ቀና ሳይል፣ «ኡሙሀኒ ከሰማች ዛሬ ሐይቁ ውስጥ ነው የማድረው» አለ። ኡሙሀኒ ሚስቱ ናት። በአንድ ቀን ይህን ያህል ሲናገር ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት።

አባቴ ግን አልሳቀም። ነገሩ ግራ ገብቶት ግንባሩን ቋጠረ። «ቆይ እንጂ፣ ሁለቱም የኑርዬ ልጅ ከተባሉ እንዴት ባልና ሚስት ይላቸዋል ሰው? የአንድ አባት ልጆች ይጋባሉ? ይሄማ ነውር ነው። ንገሪልኝ፣ እኔ ሚስተር አሻግሬ እንዲህ ያለ ነገር አላደርግም በያት።»

ሁላችንም ሳቅን። የኑርዬ ነገር ቀላል ነው፤ በእኛ አገር ኑርዬ የሞላ ስም ነው። የባድሩ አባት ኑርዬ ይማም ነው፣ የሀዲያ አባት ኑርዬ እንድሪስ። አይተዋወቁም። ሁለተኛ ስማቸው አንድ መሆኑ እዚያ ማዶ ባልና ሚስት ሲያሰኛቸው፣ እዚህ ደግሞ ባልና ሚስት እንዳልሆኑ ማስረጃ ነው።

«አስረጂያት በቃ» አለች ሀዲያ፣ ወደ ዓሣዋ ተመልሳ። «አብሽሪ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ።»

«እሺ» አልሁ።

ስልኬን ኪሴ ከተትሁ። ያላነበብሁላቸው አራት መስመር ቀርቶ ነበር።

ኤሊን እንዲህ ነበር ያለችው። ማሠልጠኛው ከአንድ ቤተሰብ ሁለት ሰው አይቀበልም። ከመራጭ ኮሚቴው አባል ቤተሰብም ማንንም አይቀበልም፤ ይህ ደንብ ቀድሞ ስላልተነገራችሁ ይቅርታ። ስለዚህ ከኑርዬዎቹ አንዳቸው ይምጡ፣ በሌላኛው ምትክ ተጠባባቂው እርስዎ ይምጡ። ደንቡ ለተጠባባቂም ይጸናል፣ ነገር ግን እርስዎ ከኮሚቴው ጋር ዝምድና እንደሌለዎት ከስሞቹ አይቻለሁ፤ ዘንድሮ ባይመጡም የሚመጣው ዓመት ቦታ የእርስዎ ነው። እስከ ዓርብ አሳውቁኝ።

ከስሞቹ አይቻለሁ! ሚስተር ሽታውና ሚስተር አሻግሬ ባዕድ መስለዋት። አባትና ልጅ ሆነን አንድ ቤት ነው የምናድር፤ ስማችን ላይ ግን እሷ የምትፈልገው የጋራ ነገር የለም። ባድሩንና ሀዲያን የማይተዋወቁትን አንድ ቤት አስገባቻቸው፣ እኔንና አባቴን ደግሞ ለያየችን።

የዚያን ቀን ማታ ሳልጽፍላት ተኛሁ፤ ለነገሩ አልተኛሁም። ዝም ካልሁ ሀዲያ ወይም ባድሩ ይቀራል፣ እኔ እሄዳለሁ። ባድሩ እንደሆነ ቢቀር አይናገርም። ይህን ማሰቤ ራሱ አሳፈረኝ፣ ግን አሰብሁት። ቀጥሎ ደግሞ ብልጥ መስሎ የታየኝን አሰብሁ፤ የኑርዬን ነገር ብቻ አስረድቼ፣ ሁለቱ ዘንድሮ ይሂዱ፣ እኔ ለሚመጣው ዓመት ቦታዬን ልያዝ። ማን ይጎዳል? ችግሩ ይህ ግማሽ እውነት የማይሠራ መሆኑ ነው። የኑርዬን ነገር ለማስረዳት «ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው» ማለት ግድ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ደግሞ ዝርዝሩን መልሶ ሲያይ፣ ሊቀ መንበሩ አሻግሬ፣ ተጠባባቂዋ ሰርካለም አሻግሬ። ለሀዲያ በሩን የሚከፍተው ዓረፍተ ነገር በእኔ ላይ ይዘጋዋል።

ረቡዕ ከሀዲያ ጋር ውጫሌ ለመሄድ ቀጠሮ ነበረን። ለፓስፖርት የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋታል፣ የተወለደችው እዚያ ነው። ሚኒባስ ተሳፍረን ሄድን። ሀዲያ መንገዱን ሙሉ ስትመለስ የምትሠራውን የዓሣ ማጨሻ ቤት በእጇ አየር ላይ ስትሥል ቆየች፤ በሩ በዚህ፣ ጭሱ በዚህ ይወጣል፣ ዓሣው በዚህ ይሰቀላል። አምና በሙቀቱ ጊዜ የደረቀው ዓሣ ግማሹ ትል ገብቶበት፣ ልጆቿ እንዳያዩ ጓሮ ቆፍራ ቀብረዋለች።

«ሬሳ እንጂ ዓሣ ሲቀበር አይቼ አላውቅም» አለች፣ እየሳቀች። «ኢንሻአላህ ካሁን ወዲያ አልቀብርም።»

እኔ በመስኮት ወደ ማዶ አሻግሬ አየሁ።

ውጫሌ የወረቀቱን ሥራ የምትሠራው ሱረያ የምትባል ሴት ናት። ፊቷን ሳታነሳ ጀመረች።

«ስም?»

«ሀዲያ።»

«የአባት?»

«ኑርዬ።»

«የአያት?»

«እንድሪስ።»

ሱረያ ጻፈች። ወዲያው ወደ እንግሊዝኛው ስትመጣ እኔን ጠራችኝ። «ነይ እስቲ፣ እይልኝ። ሀዲያን እንዴት ነው የምትጽፊው?»

አየሁት። እሷ ከአይ ቀጥሎ ዋይ አስገብታለች። እኔ ለኤሊን በላክሁት ዝርዝር ግን ዋይ የለችም። በእኛ ፊደል ሀዲያን በሀሌታው ብትጽፈው በሐመሩ ማንም አይከስህም፤ ሰውየዋ ያችው ናት። በላቲን ሲሆን ግን እያንዳንዱ ጸሐፊ ጆሮው እንደሰማው ይጽፋል፣ አየር መንገድ ደግሞ ጆሮ የለውም።

«እዚህ የተጻፈው ፓስፖርቱ ላይ ይገባል» አለች ሱረያ፣ «ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቲኬቱ ላይ ይገባል። አንዲት ፊደል ከተሳተች ልጅቱ ቦሌ ላይ ትቀራለች። ስለዚህ ምረጡና አትለዋውጡ።»

«የጻፍሽው ይሁን» አልሁ። «የእኔን ዝርዝር አስተካክላለሁ።»

ማኅተሙን መታችና አሁን ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺስ ማን ነሽ?»

«ሰርካለም አሻግሬ።»

«የአሻግሬ ማን?»

«ሽታው።»

ፊቷ በራ። «ሽታው! ማዶ አፋፉ ላይ የነበሩት? የጋሽ አሻግሬ ልጅ በይኛ! ሐይቅ ወርዶ ዓሣ ሆኖ ቀረ ይሉታል። ሊቀ መንበር ነው አሉ አይደል?»

«ነው።»

«ያባትሽን ቁመት ወርሰሻል» አለችና ቀጣዩን ተራ ጠራች።

ሦስት ስም ብቻ ነው የነገርኋት። በሦስት ስም አገሬን፣ አያቴን፣ የአባቴን ሥራ አወቀች። እኔ ኪሱሙ ላለችው ሴት ሁለቱን ብቻ ሰጥቼ፣ ሦስተኛውን ደብቄ፣ ባዕድ ሆኜ ልሄድ ነው።

ስንመለስ ሐይቁ ከታች ብቅ ሲል ሀዲያ ወረቀቷን ከጉያዋ አውጥታ እንደገና አየችው።

«ጻፍሽላት?» አለችኝ።

«አልጻፍሁም።»

«ባይሳካም ግድ የለም፣ አትጨነቂ» አለች፣ ዝምታዬ ድካም መስሏት። «እኔ ሌላ ማኅበር አይቻለሁ። ሊቀ መንበሩ ዘመዱን ይልካል፣ ጸሐፊው ራሱን ይልካል። የዓሣ ግማቱ ከአናቱ አይደል የሚባለው? የእኛ አናት ደህና ነው። ይሄ ይበቃኛል።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሚኒባሱ ወርጄ ቤት ሳልገባ ቢሮ ሄድሁ። ማንም አልነበረም። የአባቴ ወንበር ላይ አልተቀመጥሁም፤ ሣጥኑን ገልብጬ ጻፍሁ። ኤንን በጥፍሬ እየነካሁ የጻፍሁት በአማርኛ ሲመለስ ይህ ነው።

«ዲር ሚስ ሉንድ። እስከ ዛሬ ሚስ ኤሊን ስልዎ የነበርሁት በእኛ አገር ማዕረግ ከራስ ስም ጋር ስለሚሄድ ነው። በእናንተ ከቤተሰብ ስም ጋር እንደሚሄድ ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የመጀመሪያው ስም የራስ ነው፣ ሁለተኛው የአባት፣ ሦስተኛው የአያት። ሴት ብታገባም ስሟን አትለውጥም። ስለዚህ ሀዲያን በክብር መጥራት ሲፈልጉ ሚስስ ሀዲያ ይበሉ፤ ሚስስ ኑርዬ ካሉ አባቷን ጠርተው ሚስስ ብለውታል። ሀዲያ ኑርዬ እንድሪስና ባድሩ ኑርዬ ይማም ባልና ሚስት አይደሉም፣ እህትና ወንድምም አይደሉም፤ አያቶቻቸውን ይመልከቱ። ቅጻችሁ ላይ የቤተሰብ ስም የሚል ሣጥን ሲመጣ ያለ አሳብ የአባትን ስም አስገብተናል፤ ከእንግዲህ ሦስቱንም ስም እልካለሁ። የሀዲያ ስም በልደት ወረቀቷ ላይ ዋይ አለበት፤ የእኔን የቀድሞውን ዝርዝር ይተዉት፣ ለቲኬቱ የፓስፖርቷን ቅጂ እስክልክ ይጠብቁ።»

እዚህ ላይ አቆምሁ። ለሀዲያ ይህ ይበቃት ነበር። ውጭ ታንኳ ሲጎተት ይሰማኛል። ቀጠልሁ።

«እኔ ሚስተር አይደለሁም። ስሜ ሰርካለም ነው፣ ሴት ነኝ። ሰርካለም አሻግሬ ሽታው። ሚስተር ሽታው የሚሉት ሊቀ መንበራችን አሻግሬ ሽታው ነው፤ አባቴ ነው። ሽታው አያቴ ነው፣ ሞቷል፣ ሰላምታዎ ግን በየሳምንቱ ደርሶታል። በደንባችሁ መሠረት ተጠባባቂ መሆን አልችልም። ስሜን ከዝርዝሩ ያውጡት። ከአክብሮት ጋር፣ ሰርካለም።»

ላክሁት። አለቀስሁ እንዴ? ትንሽ። ወዲያው ግን ቀለለኝ፣ ራበኝም፤ ሄጄ ዓሣ ጥብስ በላሁ።

መልሱ ዓርብ ጠዋት መጣ። አባቴ ወንበሩ ላይ ነበር። ሀዲያና ባድሩ ወሬውን ለመስማት ቀድመው ነው የመጡት።

«ምን አለችኝ?» አለ አባቴ።

ስልኬን አየሁ። «ዲር ሰርካለም» ይላል። ስሜ በዚያ ቦታ ተጽፎ ሳየው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። እያየሁት ቆየሁ።

«ምነው? ክፉ ነገር አለ?»

«የለም» አልሁና እየተረጎምሁ አነበብሁ። «ዲር ሰርካለም፣ ኤሊን በይኝ፤ ሚስ ሉንድ የሚለኝ የጥርስ ሐኪሜ ብቻ ነው። ስምንት ወር በአባትሽ ስም ስጠራሽ ኖሬ አንድም ቀን አላረምሽኝም፣ ማፈር የሚገባኝ ግን እኔ ነኝ፤ አንድ ጊዜ መጠየቅ ይበቃ ነበር። ሚስስ ሀዲያና ሚስተር ባድሩ ሁለቱም ይመጣሉ።»

ሀዲያ እልል አለች። ባድሩ ፈገግ ብሎ መረቡን ትቶ ተነሣ፣ መልሶ ደግሞ ተቀመጠ።

«አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ፈታሁህ» አለችው ሀዲያ። «ሂድና ለኡሙሀኒ ንገራት።»

አባቴ ግን አልሳቀም። «ዲር ማን ነው ያልሽው?»

«ሰርካለም።»

«እኔስ?»

አሁን መሸሽ የለም። ሁሉንም ነገርሁት። ደብዳቤው ከመጀመሪያውም ለእኔ እንደነበር፣ እነሱ ሁለተኛውን ስም እንደሚይዙ፣ ስምንት ወር ሙሉ የእሱ ስም የኔ መጠሪያ ሆኖ እንደኖረ። እየሰማኝ ጎንበስ አለ፤ ፊቱን አላየሁትም።

«ጉልበቷስ?» አለ በመጨረሻ። «የጉልበቱን ለማን ነው የጻፈችው?»

«ቆይ፣ አልጨረስሁም» አልሁና ዝቅ አደረግሁት። «ከቤተሰብሽ ደብዳቤ የጻፈልኝ አንድ ሰው ብቻ አለመሆኑ አሁን ገባኝ። የቅቤውን ምክር የሰጠኝ የቱ ነው? እውነተኛው ሚስተር አሻግሬ ከሆነ፣ ጉልበቴ ድኗል፣ ደረጃም እየወጣሁ ነው በይልኝ።»

አባቴ ቀና አለ። «አላልሁም?» አለ ለሁላችንም። «ቅቤ ነው አላልሁም?»

ቀሪዋን መስመር ለራሴ አነበብኋት። እሱ ግን ዓይኔን ያውቀዋል፤ ዓሣ ከመረብ ስታመልጥ እንደሚያያት ነው የሚያየኝ።

«ጨርሺው» አለ።

«ምንም አይደለም።»

«ሰርካለም።»

አነበብሁለት። «አባትሽ ኮሚቴው ውስጥ እስካለ ድረስ አንቺን መቀበል አልችልም፤ ከዝርዝሩ አውጥቼሻለሁ፣ አዝናለሁ። ነገሩን ራስሽ ስለነገርሽኝ ግን አመሰግንሻለሁ።»

ሀዲያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ይሄን ታውቂ ነበር?» አለችኝ። «ማክሰኞ ዕለት?»

«አዎ።»

«ዝም ብትይ ትሄጂ ነበር?»

«አዎ። ሁለት ቀንም ዝም ብዬ ነበር» አልሁ። «ይቅር በይኝ።»

ሀዲያ ተነሥታ፣ ዓሣ ዓሣ በሚሸት እጇ ጭንቅላቴን ያዘችና ግንባሬን ሳመችኝ።

አባቴ «ስለዚህ ያስቀረሽ የእኔ ስም ነው» አለ።

«ስምህ አይደለም፣ ደንቡ ነው።»

«ዓመታዊው ጉባኤ መቼ ነው?»

«የሚመጣው ወር።»

ሁለት እጁን መደገፊያው ላይ አድርጎ ተነሣ። ወንበሩን በእጁ ዳሰሰው፣ አንሥቶ ግድግዳው ጥግ አስጠጋው፣ አንዱን ሣጥን በእግሩ ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ሣጥኑ ጠበበው።

«አባዬ፣ ምን ማድረግህ ነው?»

«ስሜን ከስምሽ ኋላ ላነሣው አልችል» አለ። «ተወልደሽ ስም ከወጣልሽ ጀምሮ እዚያው ነኝ፣ ስሞትም እዚያው ነኝ። ወንበሩን ግን ላነሣው እችላለሁ። ለሚመጣው ዓመት ራሳቸው ይምረጡሽ፣ እኔ በሌለሁበት።»

«ዘጠኝ ዓመት የያዝኸውን?»

«ዝም በይ። ይልቅ ጻፊላት፤ ጉልበቷ ቢድንም ቅቤውን እንዳታቋርጥ።»

ሀዲያ ወደ በሩ ዞረች፣ ባድሩም መረቡን ያየ መሰለ። እኔ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ «ዲር ኤሊን» ብዬ ጀመርሁ። አባቴ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ ማንበብ የማይችለውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እየተከታተለ፣ ቅቤው ለጋ መሆን እንዳለበት ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ግርጌው ላይ ስደርስ እንደ ወትሮዬ ፈረምሁ፤ ሰርካለም አሻግሬ።

«እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አለ።

በጣቴ አሳየሁት።